የሀቦ ቀመር እጅ ዳግም ይታይ

የእናቴ ታላቅ እህት ቀመር አርባ ዓመት ሳይሞላት እንደምትሞት ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። እኔም ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅሁት፤ ሰዎች ሲያዩዋት እያየሁ። ድሪያ ቀሚስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች ልካቸውን ስትወስድ ፊቷን በአዘኔታ ያዩታል። እሷ ደግሞ ሜትሩን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ "ካለፈው ዓመት አራት ጣት ጨምረሻል። ለኔ ከምታዝኚ ለራስሽ እዘኚ" ትላቸዋለች።

ዱኒያ እባላለሁ። እኛ ዘንድ የእናት እህት ሀቦ ስለሆነች ሀቦ እያልኩ ነው ያደግሁት። የሷን ነገር ሌሎች ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አውርተውታል። አሁን ደግሞ እኔ ላውራው።

ነገሩ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ሀቦ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አብዲራህማን ለሚባል የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ታጭታለች። ኒካሁ ሊታሰር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የልጁ እናት "እጇን ላሳይ" ብላ ይዛት የደቻቱን ወንዝ ተሻገረች፤ ከዚራ ሰፈር ወደሚኖረው ሰይፈ ሚካኤል ዘንድ።

ሰይፈ ሚካኤል ያን ጊዜ የባቡሩ የጭነት ክፍል ጸሐፊ ነበር። ከሥራ ሲወጣ መዳፍ ያነባል። ሙያውን የተማረው ድሬ ላይ ሱቅ ከነበረው አንድ ሽማግሌ ህንዳዊ ነው ይባላል። ሼኹም ቄሱም በዚህ በአንዱ ነገር ይስማማሉ፤ አንዱ ሐራም ነው፣ ሌላው ኃጢአት ነው ይላል። የመጋላም የከዚራም ሴቶች እንደዚሁ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይሄዳሉ።

እንደ ሌሎቹ እጅ ጨብጦ አይን አይኑን እያየ አይደለም የሚያነበው። መጀመሪያ ያትማል። የጣቢያውን የማኅተም ቀለም በትንሽ የጎማ ሮለር መዳፉ ላይ ስስ አድርጎ ይቀባና ነጭ ወረቀት ላይ ያስጭናል። የመዳፍ መሃል ጎድጓዳ ስለሆነ ወረቀት አይነካም፤ ስለዚህ ከወረቀቱ ሥር የታጠፈ ፎጣ ያስቀምጣል። ቀኙንም ግራውንም ያትማል። ከሥሩ ስም፣ ዕድሜና ቀን ይጽፋል።

የሀቦን እጅም እንዲሁ አተመ። ከዚያ ቀኝ እጇን ይዞ አየ። አውራ ጣትን ከቦ ወደ አንጓ የሚወርደው መስመር የዕድሜ መስመር ነው። የሷ መሃል ላይ ተቆርጧል፤ ትንሽ ክፍተት አለ፣ ከዚያ ደብዛዛ ሆኖ ይቀጥላል። በክር ለካው። ክሩንም አጥፎ አየው። ከዚያ ሀቦን በረንዳው ላይ ትቶ የልጁን እናት ውስጥ አስገብቶ ነገራት፦ "አርባን አታልፍም።"

በሦስተኛው ቀን ጥሎሹ ተመልሶ ተወሰደ።

እናቴ እንደምትለው ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ሆነ፤ ሀቦ ብቻ አላለቀሰችም። እቤት የተሰበሰቡትን ሴቶች፣ "ሃያ አንድ ዓመት ይቀረኛል አይደል? ዛሬ ከጀመራችሁ ድምፃችሁ ያልቃል" አለቻቸው። በማግስቱ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ካለች አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ "አስተምሪኝ" አለች። ሴትየዋ መቀስ ሰጠቻት። ሀቦ በግራ እጇ ተቀበለችው።

ግራኝ ናት። ልጅ ሆና አያቴ በምግብ ሰዓት ግራ እጇን በሻሽ እያሰረች በቀኝ እንድትበላ አስተማረቻት። በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትጨብጣለች፣ በቀኟ ትጽፋለች። ሰው ፊት የምትታየው በቀኟ ነው። መቀስ ግን በቀኟ እሺ አላላትም። ለቀኝ የተሠራውን መቀስ በግራዋ እየያዘች ሦስት ዓመት ቆረጠች፤ መያዣው አውራ ጣቷን እያቆሰለ። በኋላ አንድ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ለግራኝ የተሠራ መቀስ አገኘላት። ያን ቀን በሕይወቷ ከሁሉ በላይ የተደሰተችበት ቀን እንደሆነ ትናገራለች።

ሰይፈ ሚካኤል በዓመቱ ሰው ላከባት። "እጅሽን እንደገና ልየው" ብሎ። እሷም ለተላከው ሰው፣ "እጄ ሥራ ላይ ነው በለው" አለችው።

ሁለተኛ የላከው ከጎርፉ በኋላ ነው። ሐምሌ 1998 ማብቂያ ላይ ደቻቱ ሞልቶ ሲመጣ የስንቱን ቤት ከነሰው እንደወሰደ ድሬ አይረሳውም። እኛ ነፍሳችን ተረፈች። የሀቦ ሱቅ ግን እስከ ጣሪያው ጭቃ ሆነ። ሌላው የጠፋበትን ሰው እየፈለገ ሳለ ሀቦም ሁለት ቀን ሙሉ ጎረቤቶቿን ስትፈልግ ቆየች። በሦስተኛው ቀን የእግር ስፌት መኪናዋን ከጭቃው ቆፍራ አወጣች። ስታወጣ የተቀደደ ቆርቆሮ ግራ መዳፏን ከትንሿ ጣት ሥር እስከ መሃል ሰነጠቀው። በፋሻ ጠቅልላ መኪናውን ብሎን በብሎን ፈታች፤ በጋዝ አጠበች፤ ዘይት አጠጣች። እስኪሠራላት አርባ ቀን ፈጀባት። መልእክተኛው የመጣው በዚያ መሃል ነው። "ሰይፈ ሚካኤል ትልቅ ነገር የደረሰበት እጅ ዳግም ይታያል ይላል" አለ። ሀቦ ፋሻውን አሳየችው። "እኔ አይቼዋለሁ። ይበቃል" አለችው።

ሦስተኛውን አርባ ሲሞላት ላከ። ያን ጊዜ እኔም ትልቅ ልጅ ስለነበርኩ በአይኔ ያየሁት ነው። በ2011 ሀቦ ለራሷ ከደማቅ ቀይ ጨርቅ ድሪያ ሰፋች፤ ደረቱ ላይ በወርቅ ክር ጥልፍ ያለው። አርባ በሞላች ቀን ለብሳው አንድ ትሪ ሐልዋ ይዛ በመጋላ መንገድ ሁሉ በየበሩ ዞረች። "ብሉ። ለቀብሬ ያሰባችሁትን ዛሬ ብሉት" እያለች። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንዳንዶቹ አፍረው በሩን መለስ አደረጉ። የሰይፈ ሚካኤል መልእክተኛ ያን ቀን ከሰዓት ሲመጣ ሐልዋ ሰጥታ ሸኘችው። መልስ አልሰጠችውም።

አላገባችም። የጠየቋት ነበሩ፤ "ዕድሜዬን ለክታችሁ ከመጣችሁ አይሆንም፣ ሳትለኩ ከመጣችሁ ደግሞ እኔ አልፈለግኩም" ትላለች። ይህን ስትል ትስቃለች። ሳቋ ግን ሁልጊዜ ደስታ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። አንድ ቀን ለሙሽራ የምትሰፋውን ልብስ ራሷ ላይ ለክታ መስታወት ፊት ቆማ አግኝቻታለሁ። ስታየኝ "ትከሻው ይጠባል" ብላ አወለቀችው።

ነገሩ ወደ እኔ የዞረው ባለፈው ዓመት ነው። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ዛኪርን ያወቅሁት እዚያው ነው፤ ለእናቱ የስኳር መድኃኒት ሲገዛ። ሽማግሌ ላከ፤ ቤተሰቤም እሺ አለ። አንድ ቀን እናቱ ፋዱማ ሀቦ ሱቅ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ። የመጣችው ለልብስ መስሎን ወንበር ሰጠናት።

ፋዱማ ክፉ ሴት አይደለችም። ፈሪ ናት። ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ዛኪር ብቻ ነው የቀራት።

"ቀመር፣ አትቆጪኝ" አለች። "ያንቺ ነገር ሲወራ ነው የኖርነው። በደም ይተላለፋል የሚሉ አሉ። የዱኒያን እጅ ላሳይና ልቤ ይረፍ። ሰይፈ ሚካኤል አሁንም አለ።"

ሀቦ የምትሰፋውን አቆመች። "አርባ ስድስት ዓመቴ ነው ፋዱማ። ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ከጂኒ ጋር?"

"ወላሂ አውቃለሁ። ግን…"

"ግን ምን?"

"ግን እፈራለሁ።"

ሀቦ ክሩን በጠሰች። ከዚያ ተነስታ ሻሿን አሰረች። "እሺ፣ እንሄዳለን። የሷን እጅ ግን ማንም አያይም። መጀመሪያ የኔን ያየዋል። ሃያ ሰባት ዓመት እጅሽን ልየው ብሎ ለምኖኛል፤ ዛሬ ይየው። ያለውንም በጆሮሽ ስሚ።"

ባጃጅ ይዘን ድልድዩን ተሻገርን። ሰይፈ ሚካኤል ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በረንዳው ላይ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ሀቦን ገና ከበር ሲያያት አወቃት።

"ቀመር" አለ። ለመነሳት ሞከረ። ሀቦ "አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥ" አለችው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይሠራም፤ ያን ቀን ግን "አንተ" የሚለው ቃል ከወትሮው ከበድ ብሎ ነው የወጣው።

"እጅሽን ልታሳዪኝ ነው?"

"አዎ። መጀመሪያ ግን ልንገርህ፣ እኔ…"

እጁን አነሳ። "አትንገሪኝ። ምንም እንዳትነግሪኝ። ቀድሞ ይታተማል።"

ፋዱማ ገርሟት "ለምን?" አለች።

"ሰው ተመልሶ ሲመጣ የሆነበትን ሁሉ ያወራል" አላት። "አገባሁ፣ ታመምኩ፣ ልጅ ሞተብኝ ይላል። ብዙ አንባቢ ዳግም ና የሚለው ለዚህ ነው፤ ወሬውን ሰምቶ 'እኮ፣ አይቼው ነበር' ለማለት። እኔ እንደዚያ እንዳልሆን ነው ሳልሰማ የማትመው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ወረቀት ጎን ለጎን ሲሆኑ ማንም አይዋሽም፤ እኔም ጭምር።"

"እሱን እናያለን" አለች ሀቦ።

እጇን በሳሙና አስታጠባት፤ ላብ ቀለሙን ስለሚያበላሸው ፎጣ አስይዞ ቆየ። "ሂና የለም?" ብሎ ጠየቀ። "የለም" አለች። በጎማ ሮለሩ መዳፎቿን ቀለም ቀባ። ሁለቱንም አተመ። ከዚያ ውስጥ ገብቶ የቆርቆሮ ሣጥን አመጣ። ወረቀቶቹ በየዓመተ ምሕረታቸው ታስረዋል። የሚፈልገውን ለማግኘት ብዙ አልፈጀበትም፤ ደጋግሞ ያወጣው የነበረ ይመስላል። ጠርዙ ለስልሷል።

አሮጌውንና አዲሱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። ማጉያ መነጽሩን ሰጠኝ። "አንቺ ወጣት ነሽ፣ አይንሽ ይሻላል። መጀመሪያ ጥቃቅኑን ጭረት እይ። ጣት ጫፍ ላይ ያለውን።"

አየሁ። እንደ አሸዋ ላይ የነፋስ መንገድ የተጠማዘዘ ጭረት ነው። በሁለቱም ወረቀት አንድ ነው።

"ይሄ እስከ መቃብር አይለወጥም" አለ። "መታወቂያ ላይ ጣት የሚያስነኩት ለዚሁ ነው። አንድ ሰው መሆኗን ያሳያል። አሁን ትላልቆቹን ተመልከቺ። ሦስቱ፣ የዕድሜ፣ የሐሳብና የልብ የምንላቸው፣ እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች የተሠሩ ናቸው። እጅ የሚታጠፍበት ማጠፊያ ናቸው። ቦታቸውን አይለቁም። ይጠልቃሉ፣ ይደበዝዛሉ፣ ጫፋቸው ይረዝማል፤ አይጠፉም።"

"የቀሩትስ?" አልኩ።

"ቀጫጭኖቹ ይመጣሉ ይሄዳሉ። አንዳንዱ በወራት። ሰው ሲከሳ፣ ሲወፍር፣ ሴት ስታረግዝና እጇ ሲያብጥ፣ ቆዳ በዕድሜ ሲሳሳ፣ ሥራ ሲለወጥ። ነገሩ እጅሽን እንዴት እንደምታጥፊው ነው።"

"ሱሪ ጉልበቱ ላይ እንደሚጨማደደው" አለች ሀቦ። ሳታስበው አፏ ያመለጣት ይመስለኛል። "ጨርቁ አንድ ነው። መስመሩ ግን ለባሹ በተቀመጠበት ልክ ነው የሚወጣው።"

"እንደሱ" አለ ሰይፈ ሚካኤል። "ስለዚህ አንዴ የታየ እጅ ግማሽ ነው የታየው። መምህሬ ይሄን ደጋግሞ ይለኝ ነበር። ከዓመት በኋላ እይ፣ ትልቅ ነገር ካለፈ በኋላ እይ፤ ያልተለወጠው የተሰጠው ነው፣ የተለወጠው የሠራው ነው ይል ነበር።"

ከዚያ የቀኝ እጇን ሁለት ወረቀት አስጠግቶ አየ። ብዙ ቆየ። የዕድሜ መስመሩ ክፍተት እንዳለ ነው፤ አልገጠመም፣ አልሰፋም። አጠገቡ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ተጨምራለች።

"ቀኝሽ ምንም አልተለወጠም ማለት ይቻላል" አለ። ግራ ገብቶታል። "ሥራ የሚሠራ እጅ እንዲህ አይሆንም።"

የግራዋን አነሳ። አሮጌው ወረቀት ላይ ግራ መዳፏ እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭን መስመር የተሞላ ነበር። አዲሱ ላይ ድሩ ሁሉ ጠፍቷል። ከመሃል ጣት ሥር አንዲት አጭር ጭረት የነበረችው አሁን ከአንጓዋ አጠገብ ተነስታ መዳፉን ሙሉ ወጥታለች። መቀስ የሚያርፍበት ቆዳ ደንድኖ ቀለሙን እንኳ በወጉ አልተቀበለም። የጎርፉ ጠባሳ ደግሞ ነጭ ሆኖ በሰያፍ ይታያል፤ ጥቃቅኑ ጭረት እዚያ ላይ ተቋርጧል።

ሰይፈ ሚካኤል ከወረቀቱ ቀና አለ። "ግራኝ ነሽ እንዴ?"

"አልጠየቅከኝም" አለች ሀቦ።

ፋዱማ እኔን አየችኝ። "ምን ማለት ነው?" አለች።

"በኛ ሙያ" አለ ቀስ ብሎ፣ "የምትሠሪበት እጅ ያደረግሽውን ይነግራል፤ ሌላው ይዘሽው የተወለድሽውን። እኔ ቀኝዋን እንደ ሥራ እጅ ነው ያነበብኩት። ተሳስቻለሁ።"

ያን ጊዜ ነው አሮጌው ወረቀት ታች ያለውን ጽሑፍ ያየሁት። በፊት የታተመውን ብቻ ስናይ ልብ አላልነውም። እርሳሱ ደብዝዟል፤ በማጉያው አነበብኩት፦ "ቀመር፣ 19 ዓመት፣ ሚያዝያ 1990። ቀኝ መዳፏ ሂና አለበት፣ ቀጫጭኑ መስመር በደንብ አይታይም። ዳግም ይታይ።"

ጮክ ብዬ እንዳነበብኩት አላስተዋልኩም ነበር፤ ሀቦ ስትነሳ ነው የገባኝ።

"ድገሚው" አለችኝ።

ደገምኩት።

"ይሄን የጻፍከው መቼ ነው?" አለችው።

"የዚያኑ ቀን።"

"ለሴትየዋ 'አርባን አታልፍም' ካልካት በኋላ ወይስ በፊት?"

ሰይፈ ሚካኤል አንገቱን ደፋ። "በፊት።"

"እንግዲያ ለወረቀቱ እውነቱን ነገርከው። 'በደንብ አላየሁም' አልከው። ለሰው ግን ቆርጠህ ነገርክ። ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ተቆለፈ፤ ወሬው ግን መጋላን ሃያ ሰባት ዓመት ዞረ!"

"ለዚህ ነው የላክሁብሽ። ሦስቴ ላክሁብሽ።"

"ወደኔ ነው የላክኸው! እኔ እንደማልሞት አውቅ ነበር። ለምን ወደነሱ አልላክህም?"

ሽማግሌው "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለ።

"እዚህ? ወሬው የዞረው መጋላ ነው፤ ከዚራ ላይ ይቅርታ አልቀበልም።"

በዚህ ሁሉ መሃል ፋዱማ አሁንም ፍርሃቷ አልለቀቃትም ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ከመጣን አይቀር የልጅቷንም…" አለች።

ሀቦ አፏን ስትከፍት እኔ ቀደምኩ። "ፋዱማ፣ እጄን አላሳይም" አልኳት። "ሰማሽው አይደል? እጅ ነገ ሌላ መስመር ያወጣል። ከነተጨበጠ እጄ ለልጅሽ ከፈለግሽኝ እሺ፤ ካልፈለግሽ ደግሞ ለዛኪር አንቺው ንገሪው።" እጄን ጨብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አልዘረጋሁትም። ፋዱማ ሳትመልስ ወጣች።

ዛኪር በማግስቱ መድኃኒት ቤት መጣና "እናቴ ታለቅሳለች" አለኝ። "አንተስ?" አልኩት። "እኔ መጠበቅ እችላለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀይርም" አለ። ደስ ቢለኝም አላሳየሁትም።

በሳምንቱ ሐሙስ ከዐሱር ሶላት በኋላ ሰይፈ ሚካኤል ከዘራውን ይዞ መጋላ መጣ። ፋዱማ ቤት የሰፈሩ ሴቶች የሚሰበሰቡበት ቀን ነበር። ሀቦ ነግራው ነው በዚያ ቀን የመጣው፤ እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ አልገባችም። ሁለቱን ወረቀቶች ይዟል። በሴቶቹ መሃል ቆሞ፣ "ይህች ሴት አርባን አታልፍም ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። "ያልኩት ሳላይ ነው። እጇን ሂና ሸፍኖት ነበር። የምትሠራበትን እጅ አልጠየቅሁም። የተቆረጠው መስመር ዛሬም እንደተቆረጠ ነው፤ እሷ ግን ይኸው ቆማለች። እንግዲህ መስመሩ እኔ ያልኩትን አልነበረም የሚለው።"

አንዲት አሮጊት፣ "ታዲያ ሌሎቻችንስ? ለኛ የነገርከንስ?" አለችው።

"እናንተንም ዳግም ልያችሁ ይገባል" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ ግን የሰውን እጅ ለሌላ ሰው አልነግርም። ዕድሜም አልለካም።"

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ "አላህ ይቅር ይበልህ" አለች፤ ሌላዋ ምንም ሳትል ልብሷን አራግፋ ወጣች። ሀቦ ከበሩ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ሲወጣ መንገድ ለቀቀችለት፤ ግን እጁን አልጨበጠችም።

"ይቅር አልሽው?" አልኳት በኋላ።

"ቃሉን መለሰ" አለች። "ዕቃ እንደመመለስ ነው። ይቅር ማለት ሌላ ነገር ነው። ገና አስብበታለሁ፤ ጊዜ አለኝ።"

ሰርጋችን ከስድስት ወር በኋላ ተደረገ። ፋዱማ እሺ ብትልም ሙሉ በሙሉ ልቧ አረፈ አልልም። አሁንም ሲያስነጥሰኝ "አላህ ይጠብቅሽ" ስትል ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ግን ሰርጉ አንድ ወር ሲቀረው ጨርቅ ይዛ ሀቦ ሱቅ መጣች። ሦስት ሴቶች ቀድመዋት ተቀምጠዋል። "የሙሽራው እናት ነኝ፣ አስቀድሚኝ" አለች።

ሀቦ ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል "የማንም እናት ሁኚ፣ ተራሽን ጠብቂ" አለቻት። ፋዱማም ጨርቋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።